ቲቸር፣ ተራ ቁጥር 7ን ቢያዩልኝ

የሚኒ ሚዲያ ክበባችን ለዚህ እትም አንድ ነገር ጻፊ ሲለኝ ስለዚያ ወርክሺት ልጽፍ ወሰንኩ። የ7ኛ ክፍል ልጆች ነገሩን ታውቁታላችሁ፤ ግን ብዙዎቻችሁ የምታውቁት መጨረሻውን ብቻ ነው። ቲቸር ክፍል ገብተው «ተራ ቁጥር 7ን አስተካክሉ» ሲሉ ሰምታችኋል። ከዚያ በፊት የሆነውን ደግሞ እኔ ልንገራችሁ።

ወርክሺቱ የኅብረተሰብ ትምህርት ነው። የተሰጠን ዓርብ የካቲት 25 ቀን 2014 ዓ.ም. ሲሆን ሰኞ መልሰን እንድናስረክብ ተባልን። ከ5 የሚያዝ ነው። አሥር ጥያቄዎች አሉት። ሰባተኛው ጥያቄ በወረቀቱ ላይ የታተመው እንዲህ ተብሎ ነበር፦

7. ከዓድዋ ጦርነት (1896 ዓ.ም.) እስከ ማይጨው ጦርነት (1928 ዓ.ም.) ስንት ዓመት አለፈ?
ሀ. 28   ለ. 32   ሐ. 40   መ. 48

እስቲ መጀመሪያ እናንተም ሥሩት። 1928 ሲቀነስ 1896 ስንት ነው? 32 ነው። «ለ» ላይ 32 አለ። አክብቦ ማለፍ ነው፤ ምንም የሚያጠራጥር ነገር የለውም። የዚህ ጥያቄ ክፋቱም እዚህ ላይ ነው። መልሱ ከምርጫዎቹ ውስጥ ባይኖር ኖሮ ሁላችንም «ይሄ ጥያቄ ልክ አይደለም» ብለን እንጮህ ነበር። አሁን ግን በትክክል የቀነሰ ልጅ መልሱን እዚያው ያገኘዋል። ታሪኩን ያጠና ልጅ ደግሞ ዓድዋና ማይጨው በ40 ዓመት እንደሚራራቁ ስለሚያውቅ «ሐ» ላይ ያከብባል። ሁለቱም ልጆች እርግጠኞች ናቸው፤ ከሁለቱ አንዱ ግን ኤክስ ይደረግበታል።

እኔን ያስቆመኝ የቅርብ ነገር ነው። ወርክሺቱ ከመሰጠቱ ከሁለት ቀን በፊት፣ ረቡዕ፣ የካቲት 23 ነበር። ያን ሰሞን ሬዲዮውም ቴሌቪዥኑም «126ኛው የዓድዋ ድል በዓል» ይል ነበር። እኛም በሰልፍ ላይ በሚኒ ሚዲያችን ስለዚሁ አንብበናል። ደብተሬ ላይ 2014 ጽፌ 126 ቀነስኩበት። 1888 መጣ። ድሉ በ1896 ዓ.ም. ቢሆን ኖሮ በ2014 የምናከብረው 118ኛውን ነበር ማለት ነው። አገር ሙሉ በዓሉን በስምንት ዓመት አሳስቶ አይቆጥርም፤ ስለዚህ ወረቀቱን መጠራጠር ጀመርኩ።

ግን 1896 የሚለው ቁጥር ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። እሱም ቢሆን የዓድዋ ዓመት ነው፤ የፈረንጆቹ ማለቴ ነው። እኛ ዓ.ም. ብለን የምንጽፈው ዓመተ ምሕረት የራሳችን አቆጣጠር ነው። እ.ኤ.አ. ሲባል ደግሞ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ማለት ነው። የዓድዋ ጦርነት የተደረገው በእኛ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ሲሆን በእነሱ ማርች 1 ቀን 1896 እ.ኤ.አ. ነው። ቀኑ አንድ ነው፤ ሁለት ስም አለው። ወረቀታችን ላይ ቁጥሩ የፈረንጅ ሆኖ ከጎኑ ያለው ምልክት የእኛ ሆነ። የማይጨው 1928 ግን ቁጥሩም ምልክቱም የእኛ ነው። በአንድ ጥያቄ ውስጥ ሁለት አቆጣጠር ገብቶ ተቀናነሰ ማለት ነው። ከ40 ላይ 8 ዓመት ጠፍቶ 32 የቀረው ለዚህ ነው።

አንድ ማስረጃ ብቻ ይዤ ለቲቸር መንገር አልፈለግሁም። ቅዳሜ ዕለት ወንድሜ ከደብረ ማርቆስ መጥቶ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ነው የሚያጠናው። የጥያቄውን መልስ እንዲነግረኝ ሳይሆን ደብተሩን እንዲያሳየኝ ጠየቅኩት። እዚያ ውስጥ ለእኛ ለጎጃሞች ቅርብ የሆነ ጥሩ ማስረጃ አገኘሁ። የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ሠራዊታቸውን ይዘው ዓድዋ ላይ የተዋጉ ናቸው። ያረፉት ደግሞ በ1893 ዓ.ም. ነው። ታዲያ ዓድዋ በ1896 ዓ.ም. ከሆነ ንጉሡ ካረፉ ከሦስት ዓመት በኋላ ተነሥተው ዘምተዋል ማለት ነው። ይሄ ሊሆን አይችልም። ወንድሜ ይህን ስነግረው ሳቀና «አንድ ዓመተ ምሕረት ሲያጠራጥርሽ፣ በዚያ ነገር ውስጥ የነበረ ሰው መቼ እንደሞተ ፈልጊ» አለኝ። ይቺን ምክር እናንተም ያዟት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ስህተት ፈልጎ ማግኘት ስለሚያስደስት፣ አንድ ስታገኙ ሌላውም ሁሉ ስህተት መምሰል ይጀምራል። አብራኝ የምትቀመጠው ጓደኛዬ እሁድ ቤታችን መጥታ ወረቀቱን አሳየኋት። ወዲያው «እንዲያውስ ተራ ቁጥር 9ም ስህተት ነው!» አለች። ተራ ቁጥር 9 ላይ ጣሊያን ወረራውን የጀመረው በ1935 እ.ኤ.አ.፣ የማይጨው ጦርነት የተደረገው በ1936 እ.ኤ.አ. ይላል። እሷ ደግሞ ሁለቱም በእኛ 1928 ዓ.ም. እንደሆኑ ተምረናል አለች። እውነቷን ነው፣ ሁለቱም 1928 ናቸው። ታዲያ አንድ ዓመት እንዴት ሁለት ይሆናል?

ቁጭ ብለን አየነው። በእኛና በፈረንጆቹ መካከል ያለው ልዩነት ዓመቱን ሙሉ 8 አይደለም። እኛ አዲስ ዓመት የምንገባው መስከረም 1 ነው። እነሱ የሚገቡት ጃንዋሪ 1 ነው፤ በእኛ ታኅሣሥ 23 ገደማ መሆኑ ነው። ስለዚህ ከመስከረም እስከዚያች ቀን ድረስ በእኛ ዓመት ላይ 7 እንደምራለን። ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን ድረስ 8 እንደምራለን። ወረራው የጀመረው መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። መስከረም ስለሆነ 7 ስንደምር 1935 ይመጣል። ማይጨው የሆነው መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። መጋቢት ስለሆነ 8 ስንደምር 1936 ይሆናል። ተራ ቁጥር 9 ልክ ነው! ጓደኛዬም «እንኳን ለቲቸር አልነገርን» አለች። ዓድዋም የካቲት ላይ ስለሆነ ልዩነቱ 8 ነው፤ 1896 ላይ 8 ሲቀነስ 1888 የሚመጣው በዚህ ነው።

ተራ ቁጥር 7 እንዴት እንደሚስተካከልም አሰብኩበት። ቶሎ የሚመጣልን ሐሳብ «ከ1896 አጠገብ ያለውን ዓ.ም. ሰርዞ እ.ኤ.አ. ማድረግ» ነው። እንደዚያ ቢደረግ የዓድዋው ዓመት ልክ ይሆናል፤ ጥያቄው ግን አሁንም ያሳስታል። ምክንያቱም ማይጨው በእኛ አቆጣጠር እንደተጻፈ ይቀራል፤ የሚቀንስ ልጅም ዞሮ ዞሮ 32 ያገኛል። የሚያዋጣው ሁለቱንም ወደ አንድ አቆጣጠር ማምጣት ነው። በእኛ ከሆነ 1928 ሲቀነስ 1888፣ 40 ነው። በፈረንጆቹ ከሆነ 1936 ሲቀነስ 1896፣ እሱም 40 ነው። በቀን ብንቆጥረው እንኳ ከየካቲት 23 ቀን 1888 እስከ መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. 40 ዓመት ከ29 ቀን ይሆናል። በሁለቱም መንገድ አንድ መልስ ሲመጣ ልቤ ዐረፈ።

አሁን የቀረው ለቲቸር መንገሩ ነው። እውነቱን ለመናገር ከማስላቱ ይሄ ይከብዳል። ጓደኛዬ «ሰኞ እጅሽን አውጪና ቲቸር ተሳስተዋል በያቸው» አለችኝ። እኔ ግን አልወደድኩትም። አንደኛ፣ ሃምሳ ተማሪ ፊት እንደዚያ ሲባሉ ደስ አይላቸውም፤ እኔም ብሆን ደስ አይለኝ። ሁለተኛ፣ ክፍሉ ከተንጫጫ በኋላ የካቲትና መስከረም እያልኩ ማስረዳት አልችልም። ሦስተኛው ደግሞ ትልቁ ነው፦ የማውቀው ወረቀቱ ላይ የታተመው ልክ አለመሆኑን ነው እንጂ ማን እንዳሳሳተው አላውቅም። የማላውቀውን ለምን እናገራለሁ?

ስለዚህ በወረቀት ጻፍኩላቸው። የደብተር ግማሽ ገጽ ነው፣ ከዚያ አልበለጠም። የጻፍኩት ይኸውላችሁ፦

«ቀን፦ የካቲት 28/2014 ዓ.ም.

ለተከበሩ መምህራችን፣

እንደምን አደሩ ቲቸር? ዓርብ በሰጡን ወርክሺት ተራ ቁጥር 7 ላይ አንድ ነገር አይቼ ነው። ጥያቄው ላይ “የዓድዋ ጦርነት (1896 ዓ.ም.)” ተብሎ ታትሟል። የማይጨው ግን 1928 ዓ.ም. ይላል። 1896 እ.ኤ.አ. ይመስለኛል፤ በእኛ 1888 ዓ.ም. ይሆናል። ዘንድሮ ያከበርነውም 126ኛውን ስለሆነ 2014 ሲቀነስ 126፣ 1888 ይመጣል። እንደታተመው ከተሠራ መልሱ “ለ” 32 ነው፣ በ1888 ከተሠራ ግን “ሐ” 40 ነው። ጊዜ ሲያገኙ ቢያዩልኝ? ልክ ካልሆንኩም ቢያስረዱኝ ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ጋር፣ ተማሪዎ።»

ከታች ስሜንና ክፍሌን ጻፍኩ። ቃላቱን እንዴት እንደመረጥኩ ልንገራችሁ። «ተሳስተዋል» በሚለው ፈንታ «ታትሟል» ብያለሁ፤ የማውቀው እሱን ብቻ ነዋ። የጥያቄውን ቃል እንዳለ ገልብጫለሁ፣ ቲቸር ወረቀቱን ሳይፈልጉ እንዲያዩት ብዬ። ከማስረጃዎቼ ሁሉ የመረጥኩት የ126ኛውን ነው፤ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ባነሣ መጽሐፍ ማገላበጥ ሊጠይቃቸው ነው፣ 126ን ግን ቆመው በቃላቸው ሊቀንሱት ይችላሉ። ሁለቱንም መልሶች የጻፍኩት ደግሞ እርማት ላይ የሚመጣውን ችግር እንዲያዩት ነው። «ያስተካክሉ» አላልኩም፤ ማስተካከሉ የእሳቸው ሥራ ነው።

ሰኞ ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ እስቲወጡ ጠብቄ፣ ስታፍ በር ላይ ሳይደርሱ ወረቀቱን በሁለት እጄ ሰጠኋቸው። «ምንድን ነው?» አሉኝ። «ስለ ወርክሺቱ ነው ቲቸር፣ በኋላ ቢያነቡት» አልኳቸው። በኪሳቸው ከተው ገቡ። ያን ቀን ምንም አላሉም። እኔም ማታ ስተኛ «ምን አስበው ይሆን?» ማለቴ አልቀረም።

ማክሰኞ በረፍት ሰዓት አስጠሩኝ። ጠረጴዛቸው ላይ የእኔ ወረቀት፣ ወርክሺቱና አንድ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ነበር። በእጅ የተጻፈው ቲቸር ራሳቸው ያዘጋጁት ረቂቅ ነው። እሱ ላይ ተራ ቁጥር 7ን አሳዩኝ። «ከዓድዋ ጦርነት (1888 ዓ.ም. ወይም 1896 እ.ኤ.አ.)» ይላል፤ ማይጨውም እንደዚሁ በሁለቱም አቆጣጠር ተጽፏል። ከተማ ውስጥ ኮምፒዩተር ጽሕፈት ቤት ሲተየብ መስመሩ ረዘመ መሰለኝ፣ መሀሉ ተዘሎ የመጀመሪያው ቁጥርና የመጨረሻው ምልክት ጠፍተው «1896 ዓ.ም.» የሚል ቀረ። ቲቸር አልተሳሳቱም! ክፍል ውስጥ «ተሳስተዋል» ብዬ ብጮህ ኖሮ ያልሆነ ነገር ተናግሬባቸው ነበር ማለት ነው።

ቲቸር እንዲህ አሉኝ፦ «እኔ የመልስ ወረቀቱን ያወጣሁት ከረቂቁ ነው። መልሱ ሐ ነው ብዬ ሁሉንም ላርም ነበር። ለ ያለው ልጅ ግን ምን አጠፋ? የታተመለትን ነው የቀነሰ።» አያችሁ፣ ወረቀቱ ካልታየ በትክክል የቀነሱት ልጆች ነጥብ ያጡ ነበር። ከነጥቡም የሚብሰው ደግሞ ዓድዋን 1896 ዓ.ም. ብለው ይዘው መቅረታቸው ነው፤ ዓመቱ መጨረሻ ፈተና ላይም እሱኑ ይጽፉት ነበር።

ረቡዕ ቲቸር ክፍል ገብተው ተራ ቁጥር 7ን ሰሌዳ ላይ ጻፉት። የኔን ስም አላነሡም፣ «አንድ ተማሪ አይቶት ነው» አሉ፤ እኔም ደስ አለኝ። «ለ»ንም «ሐ»ንም ለመለሱ ነጥቡን ሰጡ። ግን ሁላችንም ወረቀታችን ላይ 1896ን ሰርዘን 1888 እንድንጽፍና እንደገና እንድንቀንስ አደረጉን። ሌላው ሴክሽን ገና ስላልወሰደ፣ የእነሱን ወረቀት ከመታደሉ በፊት እኔና ጓደኛዬ በእስክርቢቶ አንድ በአንድ አስተካከልነው። ጣታችን ቀለም በቀለም ሆነ።

መልስ ያላችሁ ደብተራችሁን አውጡና ይቺን ደግሞ ሞክሩ። የእኛው አካባቢ ታሪክ ነው። አርበኞችና አብረዋቸው የመጡት የእንግሊዝ ጦር ጣሊያንን ከቡሬ አስለቅቀው ወደ ደብረ ማርቆስ የገፉት በ1941 እ.ኤ.አ. ነው። ወሩ በእኛ የካቲት ነበር። ቀዳማዊ አፄ ኃይለ ሥላሴ ደብረ ማርቆስ የገቡት በዚያው ዓመት መጋቢት 28 ቀን፣ አዲስ አበባ የገቡት ደግሞ ሚያዝያ 27 ቀን ነው። በእኛ ስንት ዓመተ ምሕረት ነው? ወራቱን እዩ፣ ሦስቱም ከታኅሣሥ በኋላ ናቸው። ስለዚህ 8 ይቀነሳል፣ 1933 ዓ.ም. ይመጣል። አንድ ወረቀት ላይ «አርበኞች ቡሬን ያስለቀቁት በ1941 ዓ.ም. ነው» የሚል ካገኛችሁ፣ ምን እንደሆነ አሁን ታውቃላችሁ። ቡሬ አያት ያላችሁ ደግሞ ጠይቁ፤ ትልልቅ ሰዎች የሚቆጥሩት በእኛው ነው፣ «በ33» ነው የሚሏችሁ።

በሌላ ትምህርትም እንዲህ ያለ ነገር ብታገኙ፣ በማግስቱ ከመሮጣችሁ በፊት በሁለት መንገድ ሥሩት። ሁለቱም አንድ ቦታ ካደረሷችሁ ግማሽ ገጽ ወረቀት ይበቃል። የተራ ቁጥሩን፣ የታተመውን ቃልና ያገኛችሁትን ጻፉ። ማን እንዳሳሳተው ግን ለእሳቸው ተዉት።

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ!